ስምንት ፍሬም ያየ ሞዴል ስለ ቪዲዮው ምን ሊመሰክር ይችላል?

ጥያቄ፦ «በቤት ውስጥ ካሜራ የተቀረጸ የ48 ሰከንድ ቪዲዮ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ የነበረ የአበባ ማስቀመጫ ወድቆ ይሰበራል። ቪዲዮውን ምስል በሚያነብ ሞዴል ላይ በተሠራ ፕሮግራም አስገብቼ ‹ምን ሆነ?› ብዬ ስጠይቅ፣ ‹ድመቷ ማስቀመጫውን በፊት እግሯ ገፍታ ጣለችው፤ በኃይለኛ ድምፅ ተሰበረ፤ በሩ ላይ ያለችው ሴትም ጮኸች› አለኝ። የፕሮግራሙ ቅንብር የፍሬም ብዛት 8 ይላል። ኋላ ላይ ግን ቪዲዮው ጭራሽ ድምፅ እንደሌለው አወቅሁ። ታዲያ ድምፁን ከየት ሰማው? ስለ ድመቷ ያለውንስ ልመነው? ተለቅ ያለ ሞዴል ብጠቀም ይስተካከላል? ቪዲዮውን አያይዤዋለሁ።»

ምላሽ፦ ሞዴሉ ቪዲዮውን አላየም። ያየው ከቪዲዮው የተመዘዙ ስምንት የቆሙ ምስሎችን ነው። ቪዲዮዎ በሰከንድ 30 ፍሬም የተቀረጸ በመሆኑ በ48 ሰከንድ ውስጥ 1,440 ፍሬሞች አሉት። ፕሮግራሙ ይህን ርዝመት ስድስት ስድስት ሰከንድ ባላቸው ስምንት ክፍሎች ከፍሎ ከየክፍሉ መካከል አንድ ፍሬም ወስዷል፤ ማለትም በ3ኛው፣ በ9ኛው፣ በ15ኛው፣ በ21ኛው፣ በ27ኛው፣ በ33ኛው፣ በ39ኛው እና በ45ኛው ሰከንድ ላይ ያሉትን። የቀሩት 1,432 ፍሬሞች ወደ ሞዴሉ አልደረሱም። ስለዚህ «ልመነው ወይስ አልመነው» ከማለት በፊት የሚጠየቀው፣ እነዚያ ስምንት ምስሎች ላይ ምን ነበረ የሚለው ነው።

ስምንቱን አውጥቼ ተመልክቻቸዋለሁ። በ27ኛው ሰከንድ ማስቀመጫው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ ድመቷም እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከእሱ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ትታያለች። በ33ኛው ሰከንድ ስብርባሪው ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ ድመቷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሆና ወደ ታች ታያለች፤ አንዲት ሴት በሩ ላይ አፏን ከፍታ እጆቿን አንሥታለች። ለእርስዎ የተነገረዎት ታሪክ በሙሉ የተሠራው ከእነዚህ ሁለት ምስሎች ነው። በመካከላቸው ያለው ስድስት ሰከንድ ለሞዴሉ ባዶ ነው፤ ባዶውን የሞላውም ከተማረባቸው ጽሑፎችና ምስሎች ውስጥ በብዛት በሚገኘው ታሪክ ነው። ድመትና የተሰበረ ዕቃ አንድ ላይ ሲታዩ በጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ የሚከተለው «በእግሯ ገፋችው» የሚለው ነው፤ ስብርባሪን «ኃይለኛ ድምፅ» ይከተለዋል፤ የተከፈተን አፍ ደግሞ «ጮኸች»። ድምፁን ከየትም አልሰማውም፤ ከምስሉ ገምቶ ነው የጻፈው። ክፋቱ፣ ያየውንም የገመተውንም በአንድ ዓይነት የእርግጠኝነት ቃል መጻፉ ላይ ነው። የተከፈተ አፍ ማዛጋትም፣ መደንገጥም፣ ሰው መጥራትም ሊሆን እንደሚችል ከአረፍተ ነገሩ ላይ ምንም አይታወቅም።

ተለቅ ያለ ሞዴል ይህን አያስተካክልም። ያልተሰጠውን ፍሬም ማንም ሞዴል ሊያነብ አይችልም፤ እንዲያውም የቋንቋ ችሎታው የላቀ ሞዴል ባዶውን ይበልጥ በሚያሳምን ዝርዝር ሊሞላው ይችላል። ፍሬሞቹ የሚቀነሱት በስንፍና ሳይሆን በመጠን ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ምስል ወደ ሞዴሉ ሲገባ ቶከን ወደሚባሉ ቁራጮች ይለወጣል። አንድ ምስል 256 ቶከን ይወስዳል ብንል (በሥራ ላይ ካሉት አሠራሮች አንዱ ይህ ነው)፣ ስምንት ፍሬም 2,048 ቶከን ብቻ ሲሆን 1,440 ፍሬም ግን 368,640 ይሆናል። ለአንድ ደቂቃ እንኳ ያልሞላ ቪዲዮ ይህን ያህል ማስኬድ ከባድ ስለሆነ፣ የፕሮግራሙ ሠሪዎች አነስተኛ የፍሬም ብዛት አስቀድመው ይወስናሉ። ያ ውሳኔ እርስዎ ስለሚጠይቁት ጥያቄ የሚያውቀው ነገር የለም።

የቆሙ ምስሎች ምንም አይናገሩም ማለቴ ግን አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ምን ምን ዕቃ እንዳለ፣ ማን የት እንደቆመ፣ ምን እንደተጻፈ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአንድ ነገር ሁኔታ ከአንዱ ፍሬም እስከ ሌላው መለወጡን ጥሩ ሞዴል በደንብ ያነባል። «በ27ኛው ሰከንድ ሙሉ የነበረው በ33ኛው ተሰብሯል» የሚለው መልስ ሁለት ምስል ብቻ ይበቃዋል፤ አስተማማኝም ነው። ብዙ ድርጊቶችም ያለ እንቅስቃሴ ይታወቃሉ፤ ዋና የሚዋኝ ሰው በውኃው፣ ፈረስ የሚጋልብ ሰው በፈረሱ ይለያል። በዘርፉ ውስጥ ያለን ሰዎች በዚህ ረገድ ለረጅም ጊዜ ራሳችንን አታልለናል። በ2017 እንደወጣው ኪነቲክስ ባሉ፣ ሞዴሎች በሚፈተኑባቸው የቪዲዮ ስብስቦች ላይ ብዙዎቹ ድርጊቶች ከአንድ ፍሬም ብቻ ሊገመቱ ስለሚችሉ፣ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ሞዴል እንቅስቃሴን ያነበበ ይመስል ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ሰምቲንግ ሰምቲንግ የተባለው ስብስብ ደግሞ 174 የድርጊት ዓይነቶች ሲኖሩት፣ «አንድን ነገር ከግራ ወደ ቀኝ መግፋት» ወይም «ለማስቀመጥ ማስመሰል» እንደሚሉት ሆነው የተመረጡት ዕቃውንና ቦታውን ማወቅ ብቻ እንዳይበቃ ነው። የእርስዎ ጥያቄ የሁለተኛው ዓይነት ነው። ድመቷ መኖሯን ሳይሆን ምን እንዳደረገች ነው የጠየቁት።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ነገሩን ያጠራዋል። ከ75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ጠረጴዛ ላይ የሚወድቅ ዕቃ ወለሉን ለመምታት 0.39 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 30 ፍሬም በሚቀርጽ ካሜራ ይህ 12 ፍሬም ገደማ ነው። በየስድስት ሰከንዱ አንድ ፍሬም የሚመዝ ፕሮግራም ከእነዚህ አንዱን እንኳ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ስድስት ተኩል ያህል ነው። በየሰከንዱ አንድ ቢመዝ ከመቶ 39 ይደርሳል፤ ያም ቢሆን የሚገኘው አየር ላይ የተንጠለጠለ አንድ ማስቀመጫ ነው። አንድ ምስል ብቻውን አቅጣጫ የለውም፤ በግማሽ የተከፈተ በር እየተከፈተ ይሁን እየተዘጋ እንደማይናገር ሁሉ፣ አየር ላይ ያለ ዕቃም ወደ ላይ ተወርውሮ ይሁን ወደ ታች እየወደቀ አይለይም። በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገር ምስል ላይ የሚተወው የደበዘዘ መስመርም ቢሆን እንቅስቃሴው በየትኛው መስመር እንደነበር ያሳያል እንጂ ከየትኛው ጫፍ ወደ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። በውድቀቱ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ፍሬም እንዲኖርዎ ከፈለጉ በሰከንድ ስምንት ያህል መመዘዝ ያስፈልጋል። ንክኪው ራሱ ከውድቀቱም ሊያጥር ስለሚችል፣ ለእሱ ከዚህም ጠበቅ ማድረግ ይገባል።

ከፍሬም ብዛት ሌላ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሁለተኛ ማጥበቢያ አለ፤ እሱም የምስሉ ስፋት ነው። ካሜራዎ 1,920 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል ይሰጣል። ብዙ ሞዴሎች ግን ምስሉን ከማንበባቸው በፊት ያሳንሱታል፤ ወደ 448 ፒክስል ስፋት ካሳነሱት፣ በቪዲዮዎ ላይ 60 ፒክስል የሚሆነው የድመቷ የፊት እግር 14 ፒክስል ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች ምስሉን 14 በ14 በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ቆራርጠው የሚያነቡ በመሆናቸው፣ ሙሉው እግር ለሞዴሉ አንድ ካሬ ብቻ ነው። እግሩ ማስቀመጫውን ነክቶት ይሁን በሁለት ጣት ርቀት አልፎት በዚህ ስፋት መለየት አይቻልም። ሁሉንም 1,440 ፍሬሞች ቢያስገቡም ይህ ችግር እንዳለ ይቆያል።

ስለዚህ የማዝዘው በሁለት ዙር መሥራትን ነው። መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ ይመልከቱ፤ ቀጥሎ በሰከንድ አንድ ፍሬም አውጥተው ድርጊቱ የት እንደሚገኝ ይለዩ፤ ከዚያ በኋላ ያን አጭር ክፍል ብቻ አጥብቀው፣ ማየት የሚፈልጉትን ቦታ ቆርጠው ያውጡ። በእርስዎ ፋይል ላይ የተጠቀምኩባቸው፣ ffmpeg የሚባለው የቪዲዮ መሣሪያ ትእዛዞች እነዚህ ናቸው፤

```
ffprobe -v error -show_entries stream=codec_type,avg_frame_rate -of csv=p=0 clip.mp4
ffmpeg -i clip.mp4 -vf fps=1 coarse_%03d.jpg
ffmpeg -ss 29 -i clip.mp4 -t 3 -vf "fps=15,crop=640:640:900:300" dense_%03d.jpg
```

የመጀመሪያው `video,30/1` የሚል አንድ መስመር ብቻ መለሰ። ድምፅ ቢኖር ኖሮ `audio` የሚል ሌላ መስመር ይከተለው ነበር፤ ማንኛውንም ስለ ድምፅ የሚነገር መልስ ከማንበብዎ በፊት ይህን ማየት በቂ ነው። ሁለተኛው 48 ያህል ምስሎች ሰጠ፤ ከእነሱም ማስቀመጫው በ30ኛውና በ31ኛው ሰከንድ መካከል እንደወደቀ ታወቀ። `fps` የሚባለው ማጣሪያ ወደሚቀርበው ፍሬም ስለሚያጠጋጋ የምስሉ ቁጥርና ትክክለኛው ሰዓት በግማሽ ሰከንድ ያህል ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሦስተኛውን ትእዛዝ ከ29ኛው ሰከንድ ጀምሬ ሦስት ሰከንድ እንዲወስድ ያደረግሁት ለዚህ ነው። በሰከንድ 15 ሲመዘዝ 45 ምስል ይሆናል፤ በቀደመው ስሌት 11,520 ቶከን ነው፤ ይህን አብዛኞቹ ሞዴሎች ይችሉታል። ምስሉ 640 ፒክስል ስፋት ብቻ ስላለው ወደ 448 ሲያንስም የድመቷ እግር 42 ፒክስል፣ ማለትም ሦስት ካሬ ስፋት ይኖረዋል።

የተገኘው ውጤት ከመጀመሪያው መልስ ጋር አይስማማም። ማስቀመጫው ማዘንበል የሚጀምረው በ22ኛው ምስል ላይ ነው፤ ይህም 30.4 ሰከንድ አካባቢ ነው። በዚያ ቅጽበት ድመቷ እየዞረች ነው፤ ጭንቅላቷም ሁለቱም የፊት እግሮቿም ከማስቀመጫው በተቃራኒ ወዳለው መስኮት የዞሩ ሲሆን፣ ወደ ማስቀመጫው የቀረበው የኋላ ጎኗ ነው። ስለዚህ «በፊት እግሯ ገፍታ» የሚለው ስሕተት ነው። በጎኗ ነክታው ይሆናል የሚለው ይበልጥ የሚመስል ግምት ነው፤ የንክኪው ነጥብ ራሱ ግን ከካሜራው አንጻር በማስቀመጫው ስለተከለለ በሰከንድ 30ውንም ፍሬም ብናወጣ አይታይም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳልጠብቀው ባልቀርም በግልጽ ስለታየ ነው። 45ቱን ምስሎች በቅደም ተከተል ለሞዴሉ ሰጥቼ «ምን ሆነ?» ብዬ ስጠይቀው አሁንም «በፊት እግሯ ገፋችው» አለ። ምስሎቹን ወደ ኋላ ገልብጬ፣ ማለትም ማስቀመጫው ከታች ወደ ጠረጴዛው የሚነሣ እንዲመስል አድርጌ ስሰጠውም «ወደቀ» ሲል መለሰ። በዚህ ክፍል ላይ የምስሎቹን ተራ አላነበበም ማለት ነው። አንዳንድ ሞዴሎች እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ያነባሉ፤ በተከታታይ ምስሎች መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት ደግሞ ከሚያውቁት የተለመደ ታሪክ ጋር ስትጋፈጥ ብዙ ጊዜ ትሸነፋለች። ጥያቄውን አጥብቤ «ከ20ኛው እስከ 24ኛው ባሉት ምስሎች የድመቷ ጭንቅላት ወደ የትኛው ወገን ዞሯል?» ስለው ግን በትክክል መለሰ። ሞዴሉ ታሪክ እንዲነግር ሲጠየቅ ይፈጥራል፤ ምስል ላይ ያለ ነገር ሲጠየቅ ያያል። ለዚህ ነው «ድመቷ ለምን ገፋችው?» ዓይነት፣ መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ ፈጽሞ የማይጠየቀው። ገልብጦ የመስጠቱ ፈተና ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ መልሱ ካልተለወጠ የእንቅስቃሴውን ክፍል ይጣሉት።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ ብዙ የቤት ካሜራዎች ብርሃን ሲያንስ የሚቀርጹትን ፍሬም ይቀንሱና ያንኑ ምስል ይደጋግማሉ። ፋይሉ 30 ቢልም በእውነት ያለው 10 ሊሆን ይችላል፤ አጥብቀው ሲያወጡ ሁለት ሦስት ምስሎች ፍጹም አንድ ሆነው ከተደጋገሙ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅም የሚጨምረው ነገር የለም። ሁለተኛው፣ በፍሬሞች መካከል አዳዲስ ፍሬሞችን ፈጥሮ ቪዲዮውን «የሚያለሰልስ» ሶፍትዌር አይጠቀሙ። የሚፈጥራቸው ምስሎች ካሜራው ያላያቸው ናቸው፤ ሞዴሉ እነሱን አንብቦ ሲመልስ ግምት በግምት ላይ ይደረባል።

የሚደጋገም እንቅስቃሴ እዚህ ቪዲዮ ላይ ባይኖርም በአንድ ዐረፍተ ነገር ልጥቀሰው፤ ጭብጨባን ወይም የማራገቢያን ዙር ለመቁጠር የሚመዘዘው ፍሬም በሰከንድ ከሚደጋገመው ብዛት ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ በፍጥነት የሚዞር ነገር የቆመ ወይም ወደ ኋላ የሚዞር ሊመስል ይችላል።

ድምፅን በተመለከተ ፍሬም ብቻ የሚወስድ ሞዴል ጆሮ የለውም፤ የፍሬም ብዛት በመጨመር ጆሮ አይገኝም። ድምፅም የሚቀበሉ ሞዴሎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ድምፁን ለብቻው በሌላ መንገድ ነው የሚያነቡት። የእርስዎ ፋይል ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ለይተን እናወጣው ነበር፤ ብዙ ንግግር አንባቢ ሞዴሎች የሚጠብቁት በሰከንድ 16,000 ናሙና ያለው ነጠላ የድምፅ መስመር ነው። በዚህ በኩል ድምፅ ከምስል ይልቃል፤ በሁለት ተከታታይ ፍሬሞች መካከል 33 ሚሊ ሰከንድ ያህል ክፍተት ሲኖር፣ የስብራት ድምፅ የጀመረበት ቅጽበት ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ስሕተት ይታወቃል። ከካሜራው እይታ ውጭ የሆነውንም ይይዛል። ማን እንደጣለው ግን አይናገርም። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መሣሪያ ደግሞ ቃላትን ብቻ የሚፈልግ ስለሆነ የስብራትን ድምፅ ሊያልፈው ይችላል፤ ጸጥታ ብቻ ሲሰጠውም አልፎ አልፎ ማንም ያልተናገረውን ቃል ይጽፋል። ስለዚህ ድምፅ ያለው ፋይል ሲኖርዎ የስብራቱን ቅጽበት በድምፁ ሞገድ ላይ በዓይንዎ ይፈልጉ፤ ከዚያ ያን ሰዓት አጥብቀው ካወጧቸው ምስሎች ጋር ያገናኙት።

የመጀመሪያውን መልስ እንዳለ ይጣሉት፤ ለማንም እንደ ማስረጃ አያሳዩት። ከቪዲዮው ላይ በእርግጠኝነት ሊጻፍ የሚችለው ይህ ብቻ ነው፦ ማስቀመጫው በ30.4 ሰከንድ አካባቢ ማዘንበል ጀመረ፤ በዚያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ድመቷ ብቻ ናት፤ የፊት እግሮቿ ወደ ሌላ ወገን ዞረው ነበር፤ ንክኪው አይታይም። 45ቱን ምስሎች በተራ ለሚያገላብጥ ሰው ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ለእንደዚህ ያለ አጭር ቪዲዮ የመጨረሻው ቃል የሰው ዓይን መሆን አለበት። ሞዴሉን ድርጊቱ ያለበትን ሰከንድ ለማግኘት ይጠቀሙበት። ሴትዮዋ ጮኻ እንደሆነ ለማወቅ ግን በፋይሉ ውስጥ የሚፈለግ ነገር የለም፤ እሷኑ ይጠይቋት።